ሠላሳ ሦስተኛው ጥያቄ

በአገር አቀፍ የፈተናዎች መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እሱን በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ «ወንፊት» ነው። ስሙን ያወጡለት የፈተና ጥያቄ የሚያዘጋጁት መምህራን ናቸው። እነሱ ወር ሙሉ አምጠው የወለዱትን ጥያቄ እሱ ከፈተናው በኋላ ይነፋና «ይኼ ይቆይ፣ ይኼ ይጣል» ይላቸዋል። በቅጽል ስሙ ተቀይሞ አያውቅም። ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ሰው ነው። ሃምሳን ተሻግሮም ትዳር አልያዘም። ለምን እንዳላገባ ለሚጠይቁት «ገና መረጃ እየሰበሰብኩ ነው» ብሎ ያስቃቸዋል።

ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን እየቀየረ ነበር፤ እሷ ደግሞ ኮሌጅ ልትገባ ልብሷን ሸክፋ ተዘጋጅታለች። ሻንጣውን ፈታችው። በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆና ተቀጠረች፣ የእሱን ደብተር ከተማሪዎቿ ደብተር ጋር አብራ እያረመች ለዩኒቨርሲቲ አበቃችው። እሷ በማታው ክፍለ ጊዜ ተምራ ዲግሪ የያዘችው እሱ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። ውሎ አድሮም ከከተማው ዳርቻ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆነች። እስከ ዛሬ «እትዬ» ነው የሚላት፤ አንድም ቀን በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

እኅቱ አንዲት ልጅ አለቻት። አባቷ በሕይወት የለም። ስትወለድ በጣም ትንሽ ስለነበረች «ሚጢጢ» አሏት፤ አሁን አጎቷን በቁመት ብትበልጠውም ስሙ አልለቀቃትም። እሑድ እሑድ እሱ ዘንድ እየመጣች ሒሳብ ያሠራታል። አንድ እሑድ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ፣

«ጋሼ፣ ቆይ ግን የአንተ ሥራ በትክክል ምንድን ነው?» አለችው።

«ጥያቄዎችን መፈተን።»

«ጥያቄ ይፈተናል?»

«ዋናው ተፈታኝ እሱ ነው» አላት። «መጀመሪያ ክብደቱን አያለሁ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስቱ ካገኙት ቀላል ነው፤ ሃያው ብቻ ካገኙት ከባድ ነው። ግን ከባድ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ጥያቄ ነው አይባልም። ስለዚህ ተማሪዎቹን በሙሉ በጠቅላላ ውጤታቸው አሰልፋለሁ። ከላይ በኩል ሩብ ያህሉን፣ ከታችም ሩብ ያህሉን እወስድና ያንን አንድ ጥያቄ ስንት ስንቱ እንዳገኙት አወዳድራለሁ። ከላይኞቹ ብዙዎቹ፣ ከታችኞቹ ጥቂቶቹ ካገኙት ጥያቄው የመለየት አቅም አለው። ሁለቱም እኩል ካገኙት ምንም አልነገረኝም።»

«ከታች ያሉት ከበለጡስ?»

«ያኔ የተበላሸ ነገር አለ። ወይ ጥያቄው አሻሚ ነው፣ ወይ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «እናንተስ ጥሩ ናችሁ። ጎበዞቹ ሲሳሳቱ ጥያቄውን ትጠረጥራላችሁ። የእኛ አስተማሪዎች እኛኑ ነው የሚጠረጥሩት» አለች። ሳቀ። የዚያን ዓመት እሷም በእናቷ ትምህርት ቤት የመልቀቂያ ፈተና ተፈታኝ ነበረች። በደንቡ መሠረት ዘመድ እንደሚፈተንበት አሳውቆ ፈርሟል፤ ፈተናው ተሰጥቶ እስኪያልቅ ድረስም ከጥያቄውም ከቁልፉም ርቆ ቆይቷል።

የመልስ ወረቀቶቹ በማሽን ተነብበው መረጃው ጠረጴዛው ላይ የደረሰው ሰማዩ በሚያጉረመርምበት አንድ ጠዋት ነው። ውጤት ይፋ ከመሆኑ በፊት እያንዳንዱ ጥያቄ በእሱ እጅ ማለፍ አለበት። ቀን በቀን ሲሠራው የኖረው ሥራ ነው። ሒሳቡ ላይ ደረሰ። አንዱ ቀለል ብሏል፣ አንዱ ከበድ ብሏል፣ ለክፉ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ግን እጁ ቆመ። ከመቶ ሰባት ሰው ብቻ ነው ያገኘው፤ የመለየት አቅሙ ደግሞ ከዜሮ በታች ወርዷል። ከታችኛው ምድብ ዘጠኝ ከመቶ ሲያገኙት ከላይኛው አራት ከመቶ ብቻ ናቸው ያገኙት።

ጥያቄውን አውጥቶ አነበበው። የአንድ ዕቃ ዋጋ መጀመሪያ ሃያ ከመቶ ጨመረ፣ ከዚያ በአዲሱ ዋጋ ላይ ሃያ ከመቶ ቀነሰ፤ ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር ምን ሆነ? ሀ አልተለወጠም ይላል፣ ለ በአርባ ከመቶ ጨመረ፣ ሐ በአራት ከመቶ ቀነሰ፣ መ በአራት ከመቶ ጨመረ። መቶ ብር መቶ ሃያ ይሆናል፤ የመቶ ሃያ ሃያ ከመቶ ሃያ አራት ነው፤ ዘጠና ስድስት ቀረ። መልሱ ሐ ነው። ቁልፉ ግን መ ይላል። ከላይኛው ምድብ ሰባ ስምንት ከመቶ የሚሆኑት ሐን መርጠዋል፤ ከታችኛው ሐን ያሉት አሥራ ዘጠኝ ከመቶ ናቸው። ጥያቄው ጤነኛ፣ እንዲያውም ከወረቀቱ ሁሉ ሻል ያለ ነው። የአማራጮቹ ቅደም ተከተል ሲቀያየር ቁልፉን የጻፈው ሰው ተሳስቷል፣ በቃ። እንዲህ ያለ ስሕተት በየሁለት ሦስት ዓመቱ ያጋጥመዋል። መ የሚለውን ሰርዞ ሐ ብሎ ማረም፣ እንደገና ማስላት፣ ቃለ ጉባኤ ማስያዝ ነው።

አርሞት ሊያልፍ ነበር። አንድ ነገር ግን ከነከነው። ዋጋው ጨመረ የሚለው መልስ ለደካማ ተማሪ እንኳ የማይጥም ነው፤ በግምት ካልሆነ ማንም አይመርጠውም። የተሳሳቱት ብዙዎቹ «አልተለወጠም» ነው ያሉት፤ ያ የሚጠበቅ ነው። ታዲያ ከጎበዞቹ መሐል መ ያሉት እነማን ናቸው? አውጥቶ በመፈተኛ ጣቢያ ደረደራቸው። ከየጣቢያው አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዱ ምንም። ከአንድ ጣቢያ ግን ዝርዝሩ አላልቅ አለ። በዚያ ጣቢያ ከተፈተኑት ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ መን መርጠዋል።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ጥያቄውን ብቻ አስቀድመው ቢያገኙት ኖሮ ሠርተው ሐ ላይ ይደርሱ ነበር። እነዚህ የደረሱት ስሕተቱ ላይ ነው፤ የጸሐፊውን ስሕተት እንዳለ ገልብጠውታል። በእጃቸው የነበረው ቁልፉ ራሱ ነው ማለት ነው። የቀሩትን ጥያቄዎች በዚያው ጣቢያ አያቸው። በአገር ደረጃ ከመቶ ሃያ አምስት ሰው የሚያገኛቸውን ጥያቄዎች እዚያ ዘጠናው አግኝቷቸዋል፤ በሌላው ትምህርት ውጤታቸው ግን ከታች ከሚሰለፉት ነው። የጣቢያው መለያ ቁጥር የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ መዝገብ ማየት አላስፈለገውም፤ የእኅቱ ነው። በየዓመቱ እሑድ ምሳ ላይ ስለዚያ ትምህርት ቤት ሲሰማ ነው የኖረው።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቆ ወጣ።

ተማሪዎቹ ስለተለቀቁ የትምህርት ቤቱ ግቢ ጭር ብሏል። ከክፍሎቹ የአንዱ ጣሪያ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ነፋስ ያንኳኳዋል። እኅቱ ቢሮዋ ውስጥ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የመጻሕፍት መረከቢያ ትፈርማለች።

«አንተ ደግሞ በሥራ ቀን ምን እግር ጣለህ?» አለችው ፈገግ ብላ። «ቁጭ በል። ፊትህ ምን ሆነ?»

«እትዬ፣ የሒሳብ ቁልፍ እጅሽ ገብቶ ነበር?»

ብዕሯን አስቀመጠች። ካደገበት ቤት ጀምሮ የሚያውቀው ዝምታ ነው፤ ለመዋሸት ሳይሆን ለመናገር ጉልበት ስትሰበስብ ዝም የምትለው።

«በምን አወቅህ?»

«ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ቁልፉ ስሕተት ነበረ። ልጆችሽ ስሕተቱን ጽፈዋል።»

ራሷን ነቀነቀች። «አንዱ አስተማሪ ‹ይኼ እንኳ ልክ አይመስለኝም› ብሎ ነበር። እኔ ነኝ እንዳለ ይነበብላቸው ያልኩት።» መነጽሯን አውርዳ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «እነዚህ ልጆች የሒሳብ መምህር ካዩ ሁለት ዓመታቸው ነው። ስንት ጊዜ ጻፍኩ፣ ስንት ቢሮ ተመላለስኩ። ዘንድሮ ያሳለፍነው ካነሰ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል ተባልኩ። ይዘጋል ማለት እኮ እነዚህ ልጆች መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ያንተ ጥያቄ የሚያውቀውን ከማያውቀው ይለያል ትለኛለህ። አስተማሪ ያለውን ከሌለው ነው የሚለየው።»

ሐሰት አልተናገረችም። በየዓመቱ በሚያወጣቸው ሠንጠረዦች ያየው ይኼንኑ ነው፤ በሪፖርቱ ላይ ግን ለእሱ የተተወ ዓምድ የለም።

«የተዘረፈ ወንበር ግን አለ» አላት በመጨረሻ። «ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ቁጥር የተቆረጠ ነው። የአንቺ ልጆች ሲገቡ ሌሎች ይወጣሉ። እነሱም አስተማሪ የላቸው ይሆናል።»

«አውቃለሁ።»

«ሚጢጢስ?»

«ሰጠኋት። አልቀበልም አለችኝ። ያን ቀን ማታ አብራኝ አልበላችም።» ወደ እሱ ዘንበል አለች። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ቁልፉ ስሕተት ነው አልክ አይደል? አርመው። እሱ ሥራህ ነው፤ ትክክልም ነው። ከዚያ ወዲያ ግን አትሂድ። መን ማን መረጠ ብሎ የሚጠይቅህ የለም።»

እውነቷን ነበር። የሚጠይቀው አልነበረም። ቁልፉን አርሞ ቢተወው ልጆቹ በዚያች ጥያቄ አንድ ነጥብ ይጎድልባቸዋል፤ የቀረው ይደላደላል። ማንም ክፉ አይለውም፤ እንዲያውም ስሕተቱን በማግኘቱ ይመሰገናል። ተነሥቶ ትከሻዋን ነካት። አላቀፈችውም፤ እጁንም አልገፋችም። ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ ታክሲዎቹ አጠገቡ እየቆሙ ሲጠሩት አልሰማቸውም። ሻንጣዋን የፈታችበትን ቀን አሰበ። ከዚያ ደግሞ ስማቸውን የማያውቃቸው፣ ወንበራቸው የሚወሰድባቸው ልጆች መጡበት። ሚዛኑ በየትኛውም በኩል አልቀለለለትም።

በማግሥቱ ሪፖርቱን ለኃላፊው አቀረበ፤ የመጀመሪያው መሥመር ላይ ርእሰ መምህርቷ እኅቱ እንደሆነች ጻፈ። ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው።

«ለሌላ ባለሙያ ልስጠው? አንተ ከዚህ ብትወጣ ይሻልሃል።»

«ይስጡት። ያው ነው የሚወጣለት።»

ሌላ ባለሙያ እንደገና አሰላው፤ ያው ወጣ።

ያልጠበቀው ነገር የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የተሳሳተው ቁልፍ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የትም አልነበረም፤ ስለዚህ ያወጣው የውስጥ ሰው ነው። የርእሰ መምህርቷ ወንድም ደግሞ እዚያው አለ። ሰዎች ያንን ለመደመር ጊዜ አልፈጀባቸውም። ራሱ እንዳጋለጠው የሚያስታውስ ጥቂት ነበር፤ ያስታወሱትም «ሊነቃበት ሲል ቀደመ» አሉ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ኮምፒውተር ተወሰደ። ለዓመታት አብረውት ሻይ የጠጡ ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲያዩት ስልካቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። መርማሪው ደጋግሞ አንድ ነገር ጠየቀው፤ እሱም ደጋግሞ አንድ ነገር መለሰ።

ከዚያ ነጻ ያወጣችው ራሷ እኅቱ ናት። ቃሏን ስትሰጥ ቁልፉን ያመጣላት የኅትመት ክፍሉ ኃላፊ መሆኑን ተናገረች፤ «ወንድሜ የሚያውቀው የለም፤ ቢያውቅ ኖሮ ያኔውኑ ያስይዘኝ ነበር» ብላ ፈረመች። የኅትመት ክፍሉ ኃላፊ ሊጠየቅ ሲፈለግ ከሥራ ቀርቷል፤ ቤቱም ተቆልፏል። እስከ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም። ጥፋቱ በሙሉ እሷ ላይ ወደቀ።

የጣቢያው ውጤት ምን ይሁን የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ተቀመጠ። ወንፊት ማብራሪያ እንዲሰጥ ተጠራ። ሰብሳቢዋ ደከም ያለች፣ ጨዋ ሴት ናት፤ ዶሴውን ገልብጣ፣

«መን ያልመረጡ ሃያ የሚያህሉ ልጆች አሉ። ስለእነሱ ምን ይላሉ?» አለችው።

«ቁልፉን ያልተጠቀሙ ይመስለኛል። ውጤታቸውም እንደሌላው አልተሰቀለም። ለአገር ሁሉ በሚከብደው ጥያቄ ላይ እነሱም ይከብዳቸዋል፤ በቀላሉ ላይ ይሻላሉ። እንደ ማንኛውም ተማሪ ነው የሠሩት።»

«ይመስለኛል ነው ያሉት።»

«አዎ።»

«ከእነሱ ውስጥ አንዱ ቁልፉን ይዞ፣ ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ጠርጥሮ ራሱ የሠራው ቢሆንስ? አይሆንም ብለው በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ሊምሉልኝ ይችላሉ?»

በዚያች ቅጽበት የሚጢጢን መልስ ወረቀት በዓይነ ኅሊናው አየው። ምን እንደመረጠች ያውቃል፤ እራት ያልበላችበትንም ማታ ያውቃል። ያ ግን ማስረጃ አይደለም፤ አጎቷ ነው የሚናገረው። ዕድሜውን ሙሉ ለአዲስ ሠራተኞች ሲያስተምር የኖረው ይኼንኑ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ጥያቄ ይናገራሉ፣ ስለ ብዙ ሰው አንድ ላይ ይናገራሉ፤ በአንድ ጥያቄ አንድ ሰው አይኮነንም፣ አይጸድቅምም።

«መማል አልችልም» አለ። «ግን እንደገና ይፈተኑ። በሌላ ወረቀት፣ በዚህ ሳምንት። እኔ አልገባበትም።»

ሰብሳቢዋ ጎንና ጎኗ ያሉትን አየች። የተዘጋጀ ሌላ ወረቀት የለም፣ ጊዜ የለም፣ ለአንድ ጣቢያ ተብሎ ሌላው አይጠብቅም። የጣቢያው የሒሳብ ውጤት በሙሉ ተሰረዘ። ሒሳብ የሌለው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አይገባም፤ ያለው ዕድል የሚቀጥለው ዓመት ነው።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ልጅቷን ሊፈልጋት ሄደ። ከግቢው ውጭ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሌሎቹ ተማሪዎች ራቅ ብለው ቆመዋል። የርእሰ መምህርቷ ልጅ ናት፤ ሁሉም ያስጨረሰችን እሷ ናት ብሎ ያስባል። አጎቷ ማን እንደሆነም ደርሰውበታል።

«ስንት አምጥቼ ነበር፣ ጋሼ?»

ያውቃል። መንገር አይፈቀድም፤ ግን ነገራት። ስድሳ አንድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስገባት ነበር።

«ሠላሳ ሦስተኛውን አግኝቼዋለሁ አይደል? ያቺ የዋጋዋ።»

«አግኝተሻል።»

ጉልበቷን አቅፋ «ለአንተ ልነግርህ ፈልጌ ነበር» አለች። «በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። እናቴ ናት፣ ምን ላድርግ?»

«ምንም ማድረግ አልነበረብሽም።»

«አንተ ግን አደረግህ» አለችው። ክፋት አልነበረበትም። ያየችውን ነው የተናገረችው።

እኅቱ ሁለት ዓመት ተፈረደባት። እሑድ እሑድ ስንቅ ይዞ ሲሄድ ዕቃውን ትቀበላለች፤ ባዶውን ሣህን አጥባ በዘበኛው በኩል ትልክለታለች፤ እሷ ራሷ ግን አትወጣም። ትምህርት ቤቱ በዚያው ክረምት ተዘጋ። መምህራኑን እዚህም እዚያም በተኗቸው፤ ተማሪዎቹ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት ተመደቡ፤ ሩቅ የሆነባቸው ቀሩ። መ ያሉትም ሐ ያሉትም እኩል ቀሩ።

እሱን ከትንተናው ክፍል አንሥተው መዝገብ ቤት አስቀመጡት። ጥፋተኛ ነህ ያለው የለም፤ «ለጊዜው» ነው የተባለው። ያቺ ጥያቄ ግን በታረመ ቁልፍ ተቆጥራ ለቁጥር ሥፍር የሌላቸው ልጆች አንድ አንድ ነጥብ ጨመረችላቸው። አንዳንዶቹ በዚያች አንድ ነጥብ ገብተዋል። ማን እንዳስገባቸው አያውቁም፤ እሱም ማንነታቸውን አያውቅም። ሲከፋው እነሱን ለማሰብ ይሞክራል። ፊት የሌለውን ሰው ማሰብ ግን ይከብዳል፤ ፊቱ የሚመጣበት ሁልጊዜ የእኅቱ ነው።

ሚጢጢ በሚቀጥለው ዓመት አልተፈተነችም። በሁለተኛው ዓመት የምዝገባውን ቀን ሊያስታውሳት ቢሄድ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ተቀጥራ አገኛት። ሰማያዊ ጋዋን ለብሳለች፤ ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ተራውን ጠብቆ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቀና ብላ አየችው።

«እናቴ በአመክሮ በሚቀጥለው ወር ትፈታለች» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጋሼ፣ እኔ ልቀየምህ አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር። ግን እሷ ቤት ስትሆን አትምጣ። እኔ እመጣለሁ።»

«ምዝገባው እስከ ዓርብ ነው።»

«አውቃለሁ። ዘንድሮ አልችልም። እሷ ስትወጣ ማን ያበላታል?»

ከኋላው ያለችው ሴትዮ ሕፃን ታቅፋ ተራዋን እየጠበቀች ነው። መንገድ ለቀቀላት። ሚጢጢ ካርዱን ተቀብላ የሕፃኑን ዕድሜ ጠየቀች፤ እሱም ትንሽ ቆሞ የእጅ ጽሑፏን አየና ወደ መዝገብ ቤቱ ተመለሰ።